እንግዳ ሎቢ ውስጥ ሲወድቅ፦ ሎግ ቡክ፣ ቴሌግራም ወይስ ፎርም?

ነሐሴ ነው። ባሕር ዳር ላይ ከቀትር ጀምሮ ሲዘንብ ውሏል። ከዘጌ ገዳማት የተመለሱ እንግዶች ከጀልባ ወርደው በእርጥብ ጫማቸው ወደ ሎቢው ገቡ። በስተቀኝ በኩል ቡና ይፈላል። ረከቦቱ ዙሪያ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ አንዲት እንግዳ ወደ ቡናው አመሩ። ወዲያው ድው የሚል ድምፅ ተሰማ። ሎቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «እኔን!» አለ።

ያኔ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል የፍሮንት ኦፊስ ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። የዚያን ምሽት ተረኛችን ሎግ ቡኩ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አንዲት እንግዳ አዳልጧቸው ወድቀው ትንሽ ተጎድተዋል። እርዳታ ተደርጎላቸዋል። አሁን ደህና ናቸው። ለማናጀር ተነግሯል።» እኔም ጠዋት አንብቤ ፈረምኩ። ምንም የጎደለው አልመሰለኝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከእንግዳዋ ኢሜይል መጣ። አገራቸው ሲገቡ የእጅ አንጓቸው መሰበሩ በራጅ ታይቷል። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ ጠየቀኝ። በስንት ሰዓት ወደቁ? የቱ እጃቸው ነው? ወለሉ እርጥብ ነበር? «እርዳታ» ያላችሁት ምንድነው? ሐኪም ቤት እንውሰድዎ ተብለው ነበር? ለማናጀር ተነግሯል የሚለው ለየትኛው ማናጀር ነው? ያ የሎግ ቡክ ጽሑፍ ለአንዱም ጥያቄ መልስ አልነበረውም። «ደህና ናቸው» የሚለው ደግሞ ጭራሽ ስህተት ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ሦስቱንም መንገድ ሞክሬያለሁ፤ ሎግ ቡክ፣ ቴሌግራም፣ የታተመ የአደጋ ፎርም። የትኛው ለምን እንደሚሆን ልንገራችሁ።

ሎግ ቡክ

ሎግ ቡክ የፈረቃ መረካከቢያ ነው። የ205 ቁልፍ አልተመለሰም፣ ጀነሬተሩ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ለጎርጎራ ተጓዦች ቁርስ ይታሰር፤ ለእንዲህ ያለው ነገር የሚተካው የለም። ትልቁ ጥቅሙ ሁልጊዜ ካውንተሩ ላይ መኖሩ ነው። ገጹ ስለሚከታተልና ስለሚጠረዝ «በኋላ የተጻፈ ነው» ለማለትም አይመችም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ መስመሩ ነው። አንድ ወይም ሁለት መስመር ስለለመድን የሰው አወዳደቅንም በሁለት መስመር እንጨርሰዋለን። ምንም ጥያቄ አይጠይቀንም፤ ስለዚህ የረሳነውን አያስታውሰንም። ሌላው ችግር አንባቢው ነው። ሎግ ቡክን የሚያነበው ብዙ ሰው ነው። የእንግዳው ስም፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የት አካላቸው እንደተጎዳ እዚያ ላይ መቀመጥ የለበትም።

ቴሌግራም

ሠራተኛው ሁሉ የሚወደው ይህንን ነው። ፈጣን ነው። ፎቶ ይልካል። ሰዓቱን ራሱ ይመዘግባል። የመጨረሻውን በተለይ እወድለታለሁ፤ መልእክቱ የተላከበት ሰዓት በእጅ የሚሞላ አይደለም።

ግን መልእክት መላክ ማለት ማሳወቅ ማለት አይደለም። ማናጀሩ ተኝቶ ይሆናል፣ ዳታ አጥፍቶ ይሆናል፣ መልእክቱ ከሌላ ሃያ መልእክት ስር ተቀብሮ ይሆናል። ግሩፕ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አንዱ «ምን ነካቸው?» ይላል፤ ሌላው «ያ ቦታ እኮ ሁሌም ያዳልጣል፣ ስንቴ ተናግሬያለሁ» ብሎ ይጽፋል። ሦስተኛው የሚያለቅስ ፊት ይለጥፋል። ሰዎቹ ክፋት የላቸውም፤ ግን ያላዩትን ነገር ሁሉም እየጨመረበት ይሄዳል። መሬት ላይ የተቀመጠች እንግዳ ፎቶ ደግሞ በሠላሳ ስልክ ላይ ይቀራል። ይህን በፍጹም አልቀበልም።

የእኔ ፍርድ፦ ቴሌግራም የወለሉን ፎቶ ለአንድ ማናጀር በግል ለመላክ ይሁን። ከዚያ አይለፍ።

ፎርም

አንድ ገጽ የአደጋ ፎርም ቀርፋፋ ነው። ሲመሽ ማንም መሙላት አይፈልግም። መሳቢያው ውስጥ አልቆም ይገኛል። ግን ከሦስቱ ጥያቄ የሚጠይቀው እሱ ብቻ ነው። «የትኛው እጅ?» የሚል ክፍት ቦታ ካለ ተረኛዋ ሄዳ ትጠይቃለች። ክፍት ቦታው ከሌለ አትጠይቅም። ልዩነቱ ይኸው ነው። እንግዳዋ ገና ሎቢው ውስጥ ሳሉ ልንጠይቅ የምንችለውን ነገር ከሦስት ሳምንት በኋላ ከማንም አናገኘውም።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ዝርዝሩ ፎርም ላይ ይጻፍ። ማሳወቁ በስልክ ጥሪ ይሁን። ሎግ ቡኩ ላይ አንድ መስመር ብቻ ትግባ፦ «12፡40 ሎቢ፣ የእንግዳ መውደቅ፣ ፎርም ቁጥር 14 ይታይ።» የሎግ ቡኩ ተከታታይ ገጽ ለፎርሙ ምስክር ይሆነዋል፤ ምስጢሩም ተጠበቀ።

«አዳለጣቸው» ወይስ «ወደቁ»?

ፎርም መረጥን ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። አማርኛችን ራሱ አንድ ወጥመድ አለው። ሰው ሲወድቅ አፋችን ላይ የሚመጣው «አዳለጠው» ነው። ቃሉን ልብ በሉት። «አዳለጠው» ስንል ያዳለጠው ነገር አለ ማለታችን ነው። ወለሉ፣ ውሃው፣ ቄጠማው። ምክንያቱን በአንድ ቃል ፈርደን ጨረስን። ሰውየው ግን ጉልበቱ ከድቶት ሊሆን ይችላል። ራሱን አዙሮት ይሆናል። የምንጣፉ ጠርዝ ጠልፎት ይሆናል።

ስለዚህ ያየነው «ወደቁ» ከሆነ «ወደቁ» ብለን እንጻፍ። እንግዳዋ ራሳቸው «አዳለጠኝ» ካሉ ቃላቸውን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እናስገባው። በእንግሊዝኛ ከተናገሩ የተናገሩትን በራሳቸው ቃል በእንግሊዝኛው እንጻፈው፤ አንተርጉመው። ወለሉን በተመለከተ ደግሞ ያየነውን ብቻ፦ «ቦታው ላይ መዳፍ የሚያክል ውሃ ነበር። ሦስት የቄጠማ ቅጠል ነበር። አንዱ የቀኝ ጫማቸው ሶል ላይ ተጣብቆ ታይቷል።» ይህንን ያነበበ ሰው የራሱን ፍርድ ይስጥ። የኛ ሥራ አይደለም።

በሌላ በኩልም እንዲሁ ነው። «በጥንቃቄ ጉድለት ወደቁ»፣ «ቸኩለው ነበር»፣ «ጠጥተው ነበር» አይጻፍ። ሆቴሉን ለመከላከል ተብሎ የሚጻፍ ግምት ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሲታይ ያስታውቃል፣ የቀረውንም ጽሑፍ ያስጠረጥራል።

«እኔን!» ስለሚለው ቃልም አንድ ነገር ልበል። አንዴ አንድ አስተናጋጅ ለእንግዳው «እኔን ማለት የኔ ጥፋት ነው ማለት ነው» ብሎ ሲተረጉም ሰምቻለሁ። አይደለም። ለእርስዎ የደረሰው ለእኔ ይሁን የሚል የርኅራኄ ቃል ነው። እንበለው፤ አንከልክለው። ፎርሙ ላይ ግን «ሠራተኛዋ ይቅርታ ጠየቀች» ብሎ መጻፍ አያስፈልግም። ያዘንነው ሌላ፣ ያጠፋነው ሌላ ነው።

ሰዓትና ቦታ

ባሕር ዳር ላይ የውጭ እንግዳ ሲወድቅ ሁለት ሰዓት አለ። የኛ 12፡40 የእንግዳዋ 6፡40 ነው። ቀኑም ሁለት ነው፤ የኛ ነሐሴ 14 የእነሱ ኦገስት 20። አንዱን ብቻ ከጻፍን ኢሜይል ሲመጣ ያደናግራል። ስለዚህ ሁለቱንም፦ «ነሐሴ 14፣ ከምሽቱ 12፡40፤ በእንግዳዋ አቆጣጠር ኦገስት 20፣ 6፡40።»

ሦስተኛም ሰዓት አለ፤ የካሜራው። ብዙ ጊዜ የደኅንነት ካሜራው ሰዓት ከስልካችን ጋር አይገጥምም። ወደ መቅረጫው ሄዳችሁ በስልካችሁ ሰዓት አስተያዩት። 8 ደቂቃ ከቀደመ «የካሜራው ሰዓት 8 ደቂቃ ይቀድማል» ብላችሁ ጻፉ። ቪዲዮውንም በዚያው ምሽት ወደ ፍላሽ ገልብጡት። መቅረጫው ሃርድ ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ በላዩ ይቀርጻል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትፈልጉት ላታገኙት ትችላላችሁ።

ቦታው «ሎቢ» ብቻ ከሆነ አይበቃም። ሴራሚኩን ቁጠሩ። «ከዋናው በር ወደ ውስጥ ሰባተኛው ሴራሚክ፣ ከረከቦቱ ሁለት ሴራሚክ ወደ በሩ።» ሜትር አያስፈልግም፤ የሎቢው ወለል ራሱ ሜትር ነው።

ከሁሉ በፊት ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋን ያዝ አድርጓት። ደጓ ሰው መወልወያዋን ይዛ ወዲያው ትደርሳለች። ሌላ ሰው እንዳይወድቅ አንድ ሠራተኛ ቦታው ላይ ይቁም፣ ቢጫው ምልክት ይቀመጥ፣ ሁለት ፎቶ ይነሳ። አንዱ ከሩቅ፣ በሩና ቡናው አብረው እንዲታዩ። አንዱ ከቅርብ። ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ይወልወል። ምልክቱ ቀድሞ ነበር ወይስ ከወደቁ በኋላ መጣ? ይህም ይጻፍ፤ እውነቱ ይጻፍ።

«እርዳታ ተደርጎላቸዋል» ማለት ምንድነው?

ያ ሎግ ቡክ ከሁሉ የበደለን እዚህ ላይ ነበር። በረዶ ሊሆን ይችላል፣ ውሃ ማጠጣት ሊሆን ይችላል፣ ማሸት ሊሆን ይችላል። ያንኑ አወዳደቅ ለምሳሌ ወስጄ፣ ሰዓቱን ከራሴ እየሞላሁ፣ ፎርም ላይ ቢሰፍር ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ።

«12፡40 እንግዳዋ (ክፍል 207) በግራ ጎናቸው ወደቁ፤ የግራ እጃቸውን መዳፍ መሬት ላይ አሳረፉ። መውደቃቸውን ያየችው ቡና አፍይዋ ናት። እኔ ካውንተር ላይ ነበርኩ፤ ድምፅ ሰማሁ፤ ሲወድቁ አላየሁም። 12፡41 አጠገባቸው ደረስኩ። አላነሳናቸውም። ራስዎን መትቶዎታል ወይ አልኳቸው፤ አልመታኝም አሉ። አንገታቸውን አያማቸውም። ስማቸውንና ያሉበትን ቦታ በትክክል ተናገሩ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንደማይወስዱ ተናገሩ። ግራ የእጅ አንጓቸውን ያማቸዋል፤ አውራ ጣታቸው ሥር አበጥ ብሏል። ደም የለም። 12፡44 ራሳቸው መነሳት እንደሚችሉ ነገሩን፤ በቀኝ በኩል ደግፈናቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቀለበታቸውን ራሳቸው አወለቁ። 12፡46 ከባር የመጣ በረዶ በላስቲክ ሆኖ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ አንጓቸው ላይ ተደረገ፤ 1፡01 ተነሳ። እጃቸው በመሐረብ አንገታቸው ላይ ተንጠለጠለ። መድኃኒት አልተሰጠም።»

ጥቂቱን ላብራራ። «አላነሳናቸውም» የሚለው ከእርዳታው ሁሉ በፊት የተጻፈው እኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ አራት እጅ ወዲያው ብብቱ ስር ስለሚገባ ነው። ራሱን የመታ፣ አንገቱን ወይም ጀርባውን የሚያመው፣ ወይም አንድ እግሩ አጥሮ ወደ ውጭ የዞረ ሰው ከወደቀበት አይነሳም። ይሸፈን፣ አጠገቡ ሰው ይቀመጥ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራ።

ቀለበት የማውለቁ ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም። እጅ ሲያብጥ ቀለበት ጣትን ያንቃል፤ በኋላ ማውለቅ አይቻልም። በረዶ ደግሞ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይደረግም፤ በጨርቅ፣ ከ20 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ። የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት የተጻፈው ለዚህ ነው።

ማሸት የለም። አንድ ደግ ሰው «ወለምታ ነው፣ እኔ ልሽልዎ» ማለቱ ወይም «ወጌሻ ይጠራ» ማለቱ አይቀርም። አንጓ ወይም ዳሌ ተሰብሮ ከሆነ መታሸት ስብራቱን ያባብሰዋል። ውሃ ወይም ቡና ማቅረብም እንዲሁ ይቆይ፤ ስብራት ከተጠረጠረና ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ሆዳቸው ባዶ ቢሆን ይሻላል። ይሁን እንጂ ከተሰጠም፣ ከታሸም አይደበቅ። «አንድ ሌላ እንግዳ አንጓቸውን ለትንሽ ጊዜ አሽቷል፤ አስቁመነዋል» ተብሎ ይጻፍ። ሐኪሙ ይህን ማወቅ አለበት።

«ደህና ናቸው» ግን በጭራሽ። ያ የምርመራ ውጤት ነው፤ እኛ ሐኪም አይደለንም። አውራ ጣት ሥር ያለች ትንሽ አጥንት ስትሰበር እጁ ይንቀሳቀሳል፣ እብጠቱም ትንሽ ነው፤ ወለምታ ትመስላለች። የመጀመሪያው ራጅ ላይ እንኳ ላትታይ ትችላለች። ስለዚህ ያየነውን እንጻፍ፦ «1፡20 ያለ ድጋፍ ሄደው ሊፍት ገቡ። አንጓዬ አሁንም ያመኛል ብለዋል።»

ሕክምና እምቢ ካሉም ይጻፋል። «1፡15 ሐኪም ቤት በሆቴሉ መኪና እንውሰድዎ አልናቸው። ጠዋት ካመመኝ እሄዳለሁ አሉ። ሐሳብዎን ከቀየሩ በማንኛውም ሰዓት 0 ይደውሉ ብለናቸዋል።» ቢፈርሙበት ጥሩ ነው፤ አልፈርምም ካሉ «እንዲፈርሙ ተጠይቀው አልፈለጉም» በቂ ነው። ሰውን በሕመሙ ላይ ለፊርማ አናስጨንቅም።

ማናጀሩን መቼ፣ እንዴት?

እዚህ ላይ ሆቴሎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ «ቀላል ከሆነ ጠዋት ይነገር» ይላሉ። ሌሎቹ ሁሌም ወዲያው ይላሉ። ራሱን የመታ፣ የሳተ፣ መቆም ያቃተው፣ ለ10 ደቂቃ ተጭነነው ደሙ ያልቆመ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፤ በእነዚህ ላይ ክርክር የለም። ከእርዳታው ጎን ለጎን አንድ ሌላ ሰው ይደውላል።

ክርክሩ በቀሪዎቹ ላይ ነው። እኔ ወዲያው ከሚሉት ጋር ነኝ። «ቀላል» መሆኑን የሚወስነው ማነው? የዚያን ምሽት እኛ ቀላል መስሎን ነበር። ደግሞም ማናጀሩ ካልመጣ ተረኛዋ ያልተፈቀደላትን ቃል ትሰጣለች። «ሆቴሉ ወጪውን ይሸፍናል» ብላ ትናገራለች፣ ከርኅራኄ የተነሳ። ያንን ማለት ያለበት ማናጀሩ ነው። እንግዳዋ ከሎቢው ሳይነሱ ይደወል፤ መምጣት ከቻለ ይመጣል፣ ካልቻለ በስልኩ ያናግራቸዋል።

ጥሪው አጭር ይሁን። ማን፣ የት፣ ምን ተጎዱ፣ ምን አደረግን፣ ምን ትላለህ። ፎርሙ ላይ ደግሞ ጥሪውና መልሱ አብረው ይገባሉ፦ «12፡48 ለተረኛ ማናጀር ተደወለ፤ አልተነሳም። 12፡49 በድጋሚ፤ አልተነሳም። 12፡50 ለምክትሉ ተደወለ፤ አነሳ። ክፍል 207 ሎቢ መውደቃቸውን፣ ግራ አንጓቸውን እንደሚያማቸው፣ በረዶ እንደተደረገ ነገርኩት። መኪናው ይዘጋጅ፣ ቪዲዮው ይገልበጥ፣ እመጣለሁ አለ። 1፡10 ደረሰ።» ያልተነሳው ጥሪም ይጻፋል። ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ በ12፡48 እና በ12፡50 መካከል ምን ስናደርግ እንደነበር ለማሳየት ነው።

ትንሽ ፔንሲዮን ከሆናችሁስ?

ፎርም ማሳተም አያስፈልጋችሁም። ሎግ ቡክ ብቻ ካላችሁ ከኋላ በኩል አሥር ገጽ ለዚህ ለዩ። እያንዳንዱ ገጽ ዳር ላይ እነዚህን ቃላት ቀድማችሁ ጻፉ፦ ሰዓት በሁለቱም፣ ቦታ፣ ማን አየ፣ ወለሉ፣ እንግዳው ያሉት፣ የትኛው አካል፣ ምን ተደረገ ከስንት እስከ ስንት፣ ያልፈለጉት፣ ለማን ተነገረ ምን አለ። ፎርምን ፎርም የሚያደርገው ማተሚያ ቤት አይደለም፤ ጥያቄዎቹ ናቸው። ከዚያ ያንን ደብተር ካውንተሩ ላይ ሳይሆን ቁልፍ ባለው መሳቢያ አስቀምጡት።

በእስክሪብቶ ይጻፍ። ስህተት ከተገኘ በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ አጠገቡ ይፈረምበታል፤ በነጭ ቀለም አይሸፈንም። በማግስቱ የታወሰ ነገር ካለ ከስር «ነሐሴ 15፣ ጠዋት 3፡00 የተጨመረ» ተብሎ ይገባል፤ በመስመር መካከል አይሰካም። ያየችው ቡና አፍይዋም በራሷ ቃል ትጻፍ ወይም ትናገርና ይጻፍላት፤ የተረኛዋን እንዳትቀዳ ለየብቻ።

ፎርሙ ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጥ? በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2143 መሠረት ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት አይጣል። የሆቴሉ ጠበቃ የበለጠ አቆዩ ካለ የእሱን ስሙ።

ቄጠማውስ? አልተውነውም፤ ቡና ያለ ቄጠማ አይሆንም። ከዚያ ክረምት በኋላ ግን በሩ ላይ ሰፊ የእግር መጥረጊያ ተነጠፈ፤ ቡናውም ሰው ከሚመላለስበት መንገድ ወጥቶ ወደ ጥጉ፣ ምንጣፉ ላይ ተዛወረ።